ስሙን በፈቃድ መስጠት ወይስ ቀመሩን ማሳየት?

ሁለት ድርጅቶች ቀለም የሚያመርት የጋራ ኩባንያ ሊያቋቁሙ ነው እንበል። አንዱ የታወቀ የንግድ ምልክትና የራሱ ቀመር አለው። ሌላው ፋብሪካ አለው። ባለቀመሩ ምኑን ይስጥ?

የንግድ ምልክቱን በፈቃድ መስጠት ይቀላል። ባለቤትነቱ እሱው ጋ ይቆያል። ውሉ ሲያበቃ ስሙ ከቆርቆሮው ላይ ይነሳል፤ የተረፈውን ለመሸጥ ለምሳሌ 90 ቀን ይሰጣል፣ አለቀ። ግን ስሙን ሰጥቶ መተኛት የለም። ናሙና እየወሰደ ጥራቱን ካልተቆጣጠረ፣ በአንዳንድ አገሮች ሕግ ምልክቱን እስከማጣት ሊደርስ ይችላል።

ቀመሩ ግን የንግድ ምስጢር ነው፤ የንግድ ምስጢር ደግሞ ሌላ ነው። ምዝገባ የለውም። የሚጠበቀው ምስጢር ሆኖ እስከቆየና ባለቤቱ ተገቢውን ጥንቃቄ እስካደረገ ድረስ ብቻ ነው። ሽርክናው ሲፈርስ ወረቀቱ ይመለሳል፤ የኬሚስቱ ጭንቅላት ውስጥ የገባው ግን አይመለስም። «ምስጢር ይጠበቃል» የምትል አንዲት አንቀጽ ብቻ ይዘው የሚፈርሙ ሰዎች በጣም ያሳስቡኛል። ማን ያየዋል? ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ምን ይሆናል? ግዴታው ከሽርክናው ጋር አብሮ ያበቃል ወይስ ይቀጥላል? ይሄ ሁሉ መጻፍ አለበት።

እኔ ብሆን ስሙን በፈቃድ እሰጣለሁ፣ ቀመሩን አልሰጥም። ዋናውን ቅልቅል ራሴ አዘጋጅቼ በኮድ ቁጥር ብቻ እልካለሁ። ፋብሪካው የሚያውቀው «ከበርሜል 7 ይሄን ያህል ጨምር» የሚለውን ብቻ ይሆናል። ኮካ ኮላም ለጠርሙስ ፋብሪካዎች የሚልከው የተዘጋጀ ኮንሰንትሬት ነው። አንድ ክፍተት ግን ይቀራል። በእጅ የገባን ቅልቅል ላብራቶሪ ውስጥ መርምሮ ቀመሩ ላይ መድረስ በብዙ አገር በራሱ ጥፋት አይደለም። ስለዚህ ምርመራውን የሚከለክል አንቀጽ ውሉ ውስጥ ይግባ፤ የመጀመሪያው በርሜል ሳይላክ።