ማታ ማታ ኦፍላይን የሚል ካሜራ ላስቸገራችሁ፣ አዲስ አበባ ያለ ጎበዝ ቴክኒሻን ልጠቁማችሁ

ሰላም ወገኖች እንዴት ናችሁ። እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው፣ እማዬ ደግሞ አዲስ አበባ ከሰራተኛዋ ጋር ናት፣ ለደህንነቷ ብለን ሶስት የዋይፋይ ካሜራ አስገጥመን ነበር፣ ሳሎን፣ ጓሮና የውጭ በር ላይ። ቀን ቀን ምንም አይሉም፣ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሲሆን ግን የጓሮውና የበሩ ኦፍላይን ይላሉ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ማንም ሳይነካቸው ይመለሳሉ። ሌባ የሚፈራው ሌሊት ነው እኮ፣ እኔ እዚህ ሆኜ ስልኬ ላይ ጥቁር ስክሪን ሳይ ሆዴ ይላወሳል።

የገጠመልን ሰው ካሜራው ፌክ ስለሆነ ሌላ ግዙ ብሎን ሄደ። በኋላ የአክስቴ ልጅ ይሄን ቴክኒሻን አገናኘችኝና እግዜር ይስጠው ነገሩን ከስሩ አጣርቶ አሳየኝ፣ ምን እንዳደረገ የምጽፈው እናንተም ቤት ይኖራል ብዬ ነው።

መጀመሪያ ያደረገው የበሩን ካሜራ ሚሞሪ ካርድ አውጥቶ ማየት ነው። ኦፍላይን የነበረበት ሰዓት ሙሉው ተቀርጿል! የጎረቤት መኪና ሌሊት ስትገባ ሁሉ ይታያል። ስለዚህ መብራትም አልጠፋበትም፣ አዳፕተሩም ደህና ነው፣ ካሜራው ሲሰራ ያድራል፣ የተቋረጠው ከራውተሩ ጋር ያለው ግንኙነት ብቻ ነው አለኝ።

ቀጥሎ የጠረጠረው ሊዙን ነው። ራውተሩ ለእያንዳንዱ ዕቃ አድራሻ የሚሰጠው በጊዜ ገደብ ነው፣ የኛ 24 ሰዓት ነበር፣ ካሜራው ግማሹ ሲደርስ ማለትም በ12 ሰዓቱ ይታደስልኝ ብሎ መጠየቅ አለበት፣ አንዳንድ ካሜራ እዚህ ላይ ይደናገርና ይጠፋል። እሱ ግን 12 ሰዓት ቁጭ ብሎ አልጠበቀም፣ ራውተሩ ውስጥ ገብቶ DHCP የሚለው ገጽ ላይ Lease Time የሚለውን 10 ደቂቃ አደረገውና ካሜራዎቹን አጥፍቶ አበራቸው። ጥፋቱ የሊዝ ከሆነ በቀን እዚሁ ፊታችን መጥፋት አለባቸው። አልጠፉም፣ በየ5 ደቂቃው እያሳደሱ ቀጠሉ። ደግሞ ጥፋቱ የሊዝ ቢሆን ኖሮ ካሜራውን ሪስታርት ባደረግን ቁጥር የሚጠፋበት ሰዓት ይቀያየር ነበር፣ የኛ ግን ሁሌ 5 ሰዓት ነው። ሊዙን ወደ 24 መለሰና ተወው።

ከዚያ በጣም የገረመኝ መጣ። ከምሽቱ 5 ሰዓት በፊትና በኋላ፣ እማዬ ቤት አምሽቶ፣ ስልኩ ላይ ዋይፋይ የሚለካ አፕ ከፍቶ ካሜራዎቹ ስር እየቆመ ለካ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው የሚጻፈው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጥሩ ነው። በሩ ጋ -72 የነበረው -83 ሆነ፣ ሳሎን -50 የነበረው -61። ሁሉም ቦታ እኩል ነው የወረደው! ግን ራውተሩ ከሳሎኑ ካሜራ የሚቀበለው ሲግናል፣ ራውተሩ ገጽ ላይ የሚታየው ማለት ነው፣ ምንም አልተለወጠም። ግድግዳ ወይም የጎረቤት ዋይፋይ ቢሆን ኖሮ በዚህ ሁኔታ አይወርድም፣ ስለዚህ ጉልበቱን የቀነሰው ራሱ ራውተሩ ነው አለ። ሲፈልግ Eco Mode የሚል አገኘ፣ ከሱቅ ሲመጣ በርቶ የመጣ፣ ከ23:00 እስከ 06:00 መብራት ለመቆጠብ የዋይፋዩን ጉልበት የሚቀንስ። በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 እስከ ጠዋት 12 መሆኑ ነው፣ ልክ ካሜራዎቹ የሚጠፉበትና የሚመለሱበት ሰዓት። የሳሎኑ ቅርብ ስለሆነ ቻለው፣ ሩቆቹ ወደቁ።

አጠፋው። ግን እዚያ ላይ አላበቃም፣ -72 ራሱ ለካሜራ ዳር ላይ ያለ ነው ብሎ ራውተሩን ከቡፌው ውስጥ ከቲቪው ጀርባ አውጥቶ መስኮቱ አጠገብ ከፍ አድርጎ ሰቀለው፣ በሩ ጋ -64 መጣ። ካሜራዎቹ 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ላይ ብቻ ስለሚሰሩ ቻናሉንም አውቶ ከሚሆን 6 ላይ አጸናው። ሪፒተር ግዙ አላለንም፣ መሸጥ ሲችል። አሁን ሌሊቱን ሙሉ በሩን አያለሁ።

አንድ ነገር ግን ነግሮኛል፣ የናንተ ካሜራ የሚጠፋው በተለያየ ሰዓት ከሆነና ካርዱም ላይ ቀረጻ ከሌለ ነገሩ ሌላ ነው፣ ማታ የኢንፍራሬድ መብራቱ ሲበራ ብዙ ከረንት ስለሚስብ ደካማ አዳፕተር ወይም ረጅም ቀጭን ኬብል አይችለውም፣ መጀመሪያ እሱን አስቀይሩ።

ወንድሜ ምስጋናዬ ከልብ ነው፣ እማዬም መርቃሃለች። ስልኩን እዚህ መለጠፍ ስላልፈለገ በውስጥ ጻፉልኝና እሰጣችኋለሁ፣ ስትደውሉለት ካሜራው የሚጠፋበትን ሰዓት ለጥቂት ቀን መዝግባችሁ ብትይዙለት ስራው ይፈጥንለታል።