ለጠፍጣፋ ጣሪያ የሚገዛው ስንት ጥቅል ሜምብሬን ወይስ ስንት ባልዲ ሬንጅ ነው?

የሶሌታ ጣሪያ የሚያሠሩ ወዳጆቼ፣ ጣሪያው ውሃ እንዳያስገባ በጋዝ እሳት የሚለጠፈው ሜምብሬን ይሻል እንደሆነ ወይስ በብሩሽ የሚቀባው በውሃ የተበጠበጠ ሬንጅ፣ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ብዙዎቹ ሲጠይቁኝ ዋጋ አወዳድረው ጨርሰዋል፤ ያወዳደሩት ግን የአንድ ጥቅልን ዋጋ ከአንድ ባልዲ ዋጋ ጋር ነው። እኔ ሜምብሬኑን እመርጣለሁ፤ ሬንጁ ርካሽ የሚመስለው መጠኑ ተሳስቶ ሲሰላ ነውና።

በፓራፔቶቹ መካከል 8 በ12 ሜትር የሆነ ጣሪያ እንውሰድ። ስፋቱ 96 ካሬ ሜትር፣ ዙሪያው 40 ሜትር ነው። መከላከያው በፓራፔቱ ላይ 25 ሴንቲ ሜትር ሽቅብ ይታጠፋል። ይህ ከፍታ የበዛ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ የሚፈለገው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር የሚለካው ከሶሌታው ሳይሆን ካለቀው ወለል ላይ መሆኑን ያስታውስ፤ ሊሾና ንጣፍ ሲጨመርበት 8 ሴንቲ ሜትር ያህሉ ይቀበራል።

ሻጩ 96ን ለ10 ካሬ አካፍሎ 10 ጥቅል ይበቃል ይላል። ነገር ግን 1 ሜትር ስፋት ያለው ጥቅል በጎን 10 ሴንቲ ሜትር ስለሚደረብ፣ ከመጀመሪያው ረድፍ በኋላ እያንዳንዱ ረድፍ የሚሸፍነው 90 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ 8 ሜትሩን ለመሸፈን 9 ረድፍ ያስፈልጋል። ረድፉ 12 ሜትር፣ ጥቅሉ 10 ሜትር በመሆኑም መቀጠያው ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ይደረባል። የአንዱ ረድፍ ትርፍ ለሚቀጥለው መነሻ እየሆነ ቢሠራ እንኳ ወለሉ ብቻውን 11 ጥቅል ይጨርሳል፤ የሚተርፈው ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። መታጠፊያው ደግሞ ከወለሉ ተለይቶ በቁራጭ ይሠራል፤ 25 ሴንቲ ሜትር በግድግዳው፣ 7 በማዕዘኑ ሰያፍ የሲሚንቶ ሙሌት፣ 18 በወለሉ ላይ፣ በድምሩ 50 ሴንቲ ሜትር። ቁራጮቹ እርስ በርስ 10 ሴንቲ ሜትር ሲደራረቡ ለ40 ሜትር 45 ቁራጭ፣ ማለትም 2 ጥቅል ከሩብ ይወጣል። ለአራቱ ማዕዘኖችና ለውሃ መውረጃዎቹ ተጨማሪ ሽፋን ስላለ 3 ጥቅል ይያዝ። ድምሩ 14 ነው።

በሬንጁ በኩል ያለው ስህተት ከዚህም ይብሳል። ባልዲው ላይ ለ1 ካሬ 1 ኪሎ የሚል ጽሑፍ ሲነበብ፣ ያ የአንድ ቅብ መጠን መሆኑ ይዘነጋል። ከክብደቱ 60 በመቶው ሬንጅ፣ ቀሪው የሚተን ውሃ ከሆነ፣ 1 ኪሎ ሲደርቅ የሚተወው ውፍረት 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 2 ሚሊ ሜትር ለማግኘት 3.3 ኪሎ ያስፈልጋል፤ በአንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ መቀባት ደግሞ ላዩ ደርቆ ውሃው ከሥር ስለሚታሰር በአራት ቅብ መከፋፈል አለበት። ወለሉና መታጠፊያው 106 ካሬ ስለሆኑ 350 ኪሎ፣ ለሻካራው ገጽና ለብክነት አሥር በመቶ ሲታከል 385 ኪሎ ይሆናል፤ ይህም ባለ 20 ኪሎ 20 ባልዲ እንጂ ሻጩ የሚናገረው 6 ባልዲ አይደለም።

እንግዲህ ዋጋው የሚነጻጸረው 14 ጥቅል ከ20 ባልዲ ጋር ነው። የአንድ ጥቅል ዋጋ የባልዲው 1.4 እጥፍ ቢሆን ሁለቱ እኩል ይወጣሉ፤ በሻጩ ቁጥር ግን ያው ጥቅል ከሬንጁ ከሁለት እጥፍ በላይ ውድ መስሎ ይታያል። በሜምብሬኑ ሒሳብ ላይ ፕራይመር (በካሬ 0.3 ሊትር ያህል)፣ ጋዝና የመታጠፊያውን የላይ ጠርዝ በብሎን የሚይዘው 40 ሜትር የብረት ጠፍር ይጨመራሉ። ጠፍሩን ለመቆጠብ መሞከር ከንቱ ነው፤ ጠርዙ ከተላቀቀ ውሃ ከጀርባው ገብቶ በሜምብሬኑ ሥር ይሄድና ከቀዳዳው ርቆ ይንጠባጠባል፤ ጠጋኙም ያልተበላሸውን ቦታ ሲቆርጥ ይውላል። በሬንጁ ላይ ደግሞ በማዕዘኑ ሁሉ በቅቡ መካከል የሚቀበር መረብ፣ የአራት ዙር የእጅ ዋጋና ሊሾ በማይሸፍነው መታጠፊያ ላይ ከፀሐይ የሚከልል ቀለም አለ።

አስመስሎ የተሠራው ዕቃ ይህን ሒሳብ ሁሉ ያፈርሳል። ባለ 4 ሚሊ ሜትር ጥቅል ሲመዘን 40 ኪሎ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ 30 ኪሎ ከሆነ ስሙ 4፣ ውፍረቱ 3 ነው። ርዝመቱንም ፈትቶ መለካት ተገቢ ነው፤ 9 ሜትር ተኩል የሆነ ጥቅል በዚህ ጣሪያ ላይ የወለሉን 11 ጥቅል ወደ 12 ያሳድጋል። ሬንጁ በውሃ መብዛቱ የሚታወቀው 100 ግራም በቆርቆሮ ላይ ቀብቶ፣ በደንብ ሲደርቅ እንደገና በመመዘን ነው። 60 ግራም መቅረት ሲገባው 40 ብቻ ከቀረ፣ 20ው ባልዲ 30 ይሆናል።

ሬንጁን የምመርጥበት አንድ ሁኔታ አለ፤ ቧንቧዎች ተጠጋግተው የቆሙበትና ቁራጭ አጥፎ ለመለጠፍ እጅ የማይገባበት ጥግ። ለእንዲህ ያለው ቦታ አንድ ወይም ሁለት ባልዲ ከመረቡ ጋር ይበቃል፤ የቀረውን ወለልና መታጠፊያ ሜምብሬን ይሸፍነዋል።