ቀለም ማስተካከል ወይስ ኤክሴል?

የአክስቴ ልጅ ደብረ ማርቆስ ላይ የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብራል። «ጋሼ፣ ቀለም ማስተካከል ልማር ወይስ ኤክሴል?» አለኝ።

መጀመሪያ ላፕቶፑን አየሁ። ራሙ 8 ጊጋ ነው። የቀለም ማስተካከያው ፕሮግራም ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነፃ ይገኛል፤ 4ኬ ቪዲዮ ሲጫንበት ግን ይንቀራፈፋል። ፕሮክሲ የሚባለው ቀለል ያለ የቪዲዮ ቅጂ ለቆረጣው ይረዳል፤ ቀለሙን በትክክል ለማየት ግን ወደ ዋናው ፋይል መመለስ አይቀርም። ስለዚህ በኮርሱ ላይ የራም ወጪ ይደመራል።

ኤክሴል በዚሁ ላፕቶፕ ይሠራል። ችግሩ፣ ደንበኛ ከዜሮ መፈለግ ነው። ሠርግ ግን አለው፣ ዐቢይ ጾም እስኪገባ (ከዚያ እስከ ፋሲካ ድርቅ ነው)።

ኮርሱና ራሙ 18,000 ብር ቢፈጁ፣ በአንድ ሠርግ 1,500 ብር ቢጨምር፣ 12 ሠርግ ያስፈልገዋል። ባለፈው ጥር የሠራው 9 ነው። እኔ አሁንም ወደ ቀለሙ አደላለሁ።

«ጭማሪውን ይከፍሉሃል?» አልኩት። ዝም አለ። መጀመሪያ ሁለት ደንበኞቹን ይጠይቅ።