ባለ 55 ሊትሩ የጀርባ ቦርሳ ከስምንት ወር በኋላ

ይህን ባለ 55 ሊትር የጀርባ ቦርሳ መጠቀም ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል፤ በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ የቦርሳውን ክብደት ጨምሮ 14 ኪሎ ግራም ተሸክሜበት ረጅም መንገድ እሄዳለሁ። ዚፑም ስፌቱም እስካሁን እንደ አዲስ ነው። በዚህ ጽሑፍ የማተኩረው ግን ቦርሳው ከተሸካሚው ጉልበት ምን ያህል እንደሚወስድ ነው።

ስገዛው የወገብ ቀበቶው ሸክሙን እንደሚያቀል ተነግሮኝ ነበር። ቀበቶው የዳሌ አጥንት ላይ በትክክል ሲያርፍ ትከሻዬ በእርግጥ እፎይ ይላል፤ ይሁን እንጂ እግሬ በየእርምጃው የሚሸከመው ያንኑ 14 ኪሎ ስለሆነ የኃይል ወጪው እምብዛም አይቀንስም። ፓንዶልፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡት ቀመር ሳሰላው፣ 70 ኪሎ የምመዝነው እኔ በሜዳ ላይ በሰዓት 4.5 ኪሎ ሜትር ስሄድ ያለ ሸክም 269 ዋት፣ ከነቦርሳው ደግሞ 309 ዋት አወጣለሁ። ሸክሙ የክብደቴ 20 በመቶ ሆኖ ሳለ ወጪው በ15 በመቶ ብቻ የጨመረው፣ ያለ ሸክም ለመቆም የሚያስፈልገው 105 ዋት ያህል ኃይል በሁለቱም ስሌት ውስጥ እኩል ስለሚገባ ነው፤ ይህ ተቀንሶ የቀረው ብቻ ሲታይ ጭማሪው 24 በመቶ ይደርሳል።

ልዩነቱ በደንብ የገባኝ 50 ኪሎ የምትመዝነው እህቴ ይህንኑ ቦርሳ ተሸክማ አብራኝ የሄደች ቀን ነው። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳንሄድ የጀመረችውን ወሬ መሃል ላይ እያቋረጠች ትተነፍስ ጀመር፤ እኔም ልምድ በማጣቷ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ተሳስቼ ነበር። ለእርሷ 14 ኪሎ የክብደቷ 28 በመቶ ነው፤ በተመሳሳይ ፍጥነት ወጪዋ ከ192 ወደ 235 ዋት፣ ማለትም በ22 በመቶ ከፍ ይላል። የእኔን ያህል ድርሻ እንድትሸከም ከተፈለገ ሸክሟ 10 ኪሎ መሆን ነበረበት።

ዳገት ላይ ነገሩ ይብሳል። በሜዳ 40 ዋት የሚጨምርብኝ ሸክም፣ ፍጥነቴን ሳልቀንስ 10 በመቶ ተዳፋት ያለው አቀበት ስወጣ 100 ዋት ያህል ይጨምርብኛል፤ ስለዚህ ዳገቱ ሲጀምር ሆን ብዬ እዘገያለሁ። ቀመሩ ለቁልቁለት ስለማይሠራ ለመውረጃው አልጠቀምበትም።

የቦርሳው እውነተኛ ጉድለት በስድስተኛው ወር የታየው የወገብ ቀበቶው ስፖንጅ መሟሸሽ ነው። ቀበቶው ከዳሌ አጥንት እየተንሸራተተ ሆድ ላይ ይወጣል፤ ክብደቱ ወደ ትከሻ ይዞራል፣ እኔም ሳላስበው ወደ ፊት አጎነብሳለሁ። ምልክቱ ማንገቻውን በየሩብ ሰዓቱ ማጥበቅና ማታ ትከሻ ላይ የሚቀር ቀይ ሰንበር ነው። ስፖንጁን አስቀይሬ በቦርሳው መጠቀሜን እቀጥላለሁ፤ ለእህቴ ግን ባዶውን ቀለል የሚልና ከ10 ኪሎ በላይ የማትሞላውን አነስተኛ ቦርሳ መርጠንላታል።