«ጸረ ነጸብራቅ» ላስቲክ ወይም ባለ 500 ኒት ሞኒተር ከመግዛታችሁ በፊት ጠረጴዛውን አዙሩት

ሰሞኑን ለቢሮም ለቤትም እየቀረበ ያለ አንድ ሽያጭ አለ። ስክሪናችሁ ላይ መስኮቱ እየታየ ጽሑፉን ማንበብ አቅቷችኋል ትላላችሁ። ሻጩም ሁለት መፍትሔ ያቀርባል፤ ወይ ፊቱ ላይ የሚለጠፍ ጠቆር ያለ ላስቲክ፣ ወይ አሁን ካላችሁ ይልቅ ደመቅ ያለ አዲስ ሞኒተር። ሁለቱም ገንዘብ ያስወጣሉ፣ ሁለቱም ችግሩን ባለበት ይተዉታል። ለምን እንደሆነ ቀላል ሒሳብ ያሳያል።

የስክሪን ድምቀት በኒት ይለካል፤ ካርቶኑ ላይ 250፣ 300፣ 500 ተብሎ የሚጻፈው ነው። ሰማዩ ወለል ብሎ የሚታይበት መስኮት ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ኒት አለው፤ 5000 እንበለው። ምንም ቅብ የሌለው ለስላሳ የስክሪን ፊት ካረፈበት ብርሃን ወደ 4 በመቶ የሚሆነውን እንደ መስታወት ይመልሳል። የ5000 አራት በመቶ 200 ነው። ስለዚህ መስኮቱ ከጀርባችሁ ከሆነ ስክሪኑ ላይ 200 ኒት ያለው የመስኮት ምስል ተደርቦ ተቀምጧል ማለት ነው። ባለ 300 ኒት ሞኒተር ነጩን 300 ሲያሳይ እናንተ የምታዩት 500 ነው፤ ጥቁሩን ዜሮ ሊጠጋ ሲሞክር የምታዩት 200 ነው። ነጩ ከጥቁሩ የሚበልጠው በሁለት ተኩል እጥፍ ብቻ ሆነ። ፊደል የሚደበዝዘው ለዚህ ነው።

አሁን ባለ 500 ኒቱን ግዙ እንበል። ነጩ 700፣ ጥቁሩ 200 ይሆናል፤ ልዩነቱ ሦስት ተኩል እጥፍ። ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍላችሁ ያገኛችሁት ከሁለት ተኩል ወደ ሦስት ተኩል መሄድ ነው። በአንጻሩ የድሮውን ባለ 300 ሞኒተር ከነጠረጴዛው አዙራችሁት በመስኮቱ ፈንታ 50 ኒት ያለው ተራ ግድግዳ ፊቱ ላይ ቢያርፍ፣ የሚመለሰው ብርሃን 2 ኒት ብቻ ነው። ነጩ 302፣ ጥቁሩ ከ2 ትንሽ ያለፈ፤ ልዩነቱ ከመቶ ሠላሳ እጥፍ በላይ። ወጪው ዜሮ።

ላስቲኩማ ይብሳል። ጠቆር ያለ ላስቲክ ከስክሪኑ የሚወጣውን ብርሃን ይቀንሳል፤ 60 በመቶ ብቻ የሚያሳልፍ ቢሆን 300ው ወደ 180 ይወርዳል። መስኮቱ ግን አሁን የሚንጸባረቀው ከላስቲኩ ከራሱ ፊት ነው፤ ላስቲኩ ለስላሳ ከሆነ ያው 4 በመቶ፣ ያው 200 ኒት። ነጩ 380፣ ጥቁሩ 200፤ ከሁለት እጥፍ በታች ወረደ። ከፍላችሁ ከነበራችሁበት የባሰ ላይ ደረሳችሁ። ሞኒተሩ ፊት ላይ የሚንጠለጠለው «መከላከያ» ፕላስቲክ ደግሞ የፊትና የኋላ ገጽ ስላለው፣ ነጸብራቁን ወደ ሦስት እጥፍ ያስጠጋዋል። ሻጩ «9ኤች ነው» ካላችሁ አትደነቁ፤ ይህ የጭረት ጥንካሬ መለኪያ ነው፣ ከነጸብራቅ ጋር ምንም አያገናኘውም። ሙጫው ጠንካራ የሆነ ላስቲክ በኋላ ሲላጥ የስክሪኑን የፊት ቅብ ይዞ ሊነሳ እንደሚችልም እወቁ።

ወደ ሥራው እንግባ። ሞኒተሩን አጥፉትና ሁልጊዜ በምትቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጥቁሩን ስክሪን እንደ መስታወት እዩት። መስኮት፣ የጣሪያ መብራት፣ የተከፈተ በር፣ ነጭ ሸሚዝ፤ የምታዩት ነገር ሁሉ ሞኒተሩ ሲበራም እዚያው አለ፣ ብቻ ምስሉ ይሸፍነዋል። ይህን ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ከቀኑ 6 ሰዓትና ከ10 ሰዓት በኋላ ድገሙት፤ ፀሐይዋ ስትዞር ጥፋተኛውም ይለወጣል። የብርሃኑ ምንጭ የትኛው እንደሆነ ካልለያችሁ ትንሽ የእጅ መስታወት ስክሪኑ ላይ ጠፍጣፋ አስደግፉ፤ መስታወቱ ውስጥ የሚታየው እሱ ነው።

ሞኒተሩ ከመስኮቱ ጋር ዘጠና ዲግሪ ይስራ፤ መስኮቱ በግራ ወይም በቀኝ ጎናችሁ ይሁን። ከጀርባ ከሆነ ስክሪኑ ውስጥ ይገባል። ፊት ለፊት ከሆነ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል፣ ግን ዓይናችሁ ከስክሪኑ ጠርዝ አልፎ በሺዎች ኒት የሚያበራ ሰማይ እያየ ይውላል፤ ስክሪኑ ጨለማ መስሎ ይታያል፣ ብርሃኑን ትጨምራላችሁ፣ ማታ ራስ ምታት። በተጨማሪም የመስኮቱ ብርሃን እናንተን ያደምቃል፤ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ወይም ነጠላ የደረበ ሰው ራሱን ስክሪኑ ውስጥ የሚያየው ለዚህ ነው።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በውጭ የተጻፉ ምክሮች «የሰሜን መስኮት ፀሐይ አያስገባም» ይላሉ። ይህ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ በግምት ከሚያዝያ 6 እስከ ነሐሴ 22 የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ደግነቱ ያኔ ከላይ ስለምትሆን በመስኮት ጠልቃ አትገባም። እኛ ጋ አስቸጋሪዎቹ የምሥራቅና የምዕራብ መስኮቶች ናቸው፤ ከጠዋቱ 1 እስከ 3፣ ከሰዓት ከ10 እስከ 12 ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ቀጥታ ትገባለች። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ላላችሁ ግን በብርዱ ወራት ቀትር ላይ የሚያስቸግረው የደቡብ መስኮት ነው።

መጋረጃን በተመለከተ፦ ስስ ነጭ መጋረጃ ቀጥታ ፀሐይ ሲያርፍበት ራሱ እንደ መብራት ያበራል። ስክሪኑ ውስጥ በመስኮቱ ፈንታ አንድ ትልቅ ነጭ ሸራ ታያላችሁ፣ አንዳንዴም ከበፊቱ የሰፋ። ወፈር ያለና ጠቆር ያለ ጨርቅ፣ ወይም አግድም የሚከፈል ቬኒሺያን ይሻላል። የጎረቤት አዲስ ቆርቆሮ ካለ ግን ብርሃኑ ከታች ወደ ላይ ነው የሚመጣው፤ ከላይ ግማሽ ድረስ የሚወርድ መጋረጃ አይረዳም፣ የመስኮቱን የታችኛውን ክፍል ነው መሸፈን ያለባችሁ። ችግሩ በቀን ለአንድ ሰዓት ብቻ መጥቶ የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ ቆርቆሮውን ጠርጥሩ።

ጠረጴዛው የማይዞር ከሆነ ማዘንበል ይቀራል። ስክሪኑን 5 ዲግሪ ስታዘነብሉ የሚንጸባረቀው ነገር 10 ዲግሪ ይሸሻል፣ እጥፍ ነው። ከኋላ ያለው ግድግዳ ከስክሪኑ 3 ሜትር ቢርቅ፣ ያቺ ትንሽ ማዘንበል የምታዩትን ቦታ ከግማሽ ሜትር በላይ ታወርደዋለች፤ ከመስኮቱ ወደ መስኮቱ ስር ወዳለው ግድግዳ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። አቅጣጫው ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። የላይኛውን ጠርዝ ወደ ኋላ ካደረጋችሁት ስክሪኑ ጣሪያ ያያል፣ ፍሎረሰንቱን ይዞላችሁ ይመጣል። ነጸብራቁ ከላይ ከሆነ የላይኛውን ጠርዝ ወደ እናንተ ነው ማምጣት፤ ብዙ ማቆሚያዎች ወደ ፊት 5 ዲግሪ ያህል ይፈቅዳሉ። የስክሪኑ የላይ ጠርዝ ከዓይናችሁ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ፣ ርቀቱ አንድ ክንድ ያህል ይሁን።

ብርሃኑን የምታስተካክሉት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ቀድሞ መነካካት ነጸብራቅን በድምቀት ለማሸነፍ መሞከር ነው፣ ሒሳቡን ደግሞ አይተነዋል። ሞኒተር ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ደማቅ ተደርጎ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ጎልቶ እንዲታይ። ባዶ ነጭ ገጽ ክፈቱ፣ አንድ ነጭ የኤ4 ወረቀት ከስክሪኑ ጎን አቁሙ። ወረቀቱ ግራጫ ከመሰለ ስክሪኑ በዝቷል፤ በሞኒተሩ ቁልፍ ወደ Brightness ገብታችሁ በ5 በ5 ቀንሱ። ስክሪኑ ግራጫ ከመሰለ ጨምሩ። ሁለቱ ሲቀራረቡ አቁሙ። ዕቃ ላይ የሚያርፍ ብርሃን በሉክስ ይለካል፤ 300 ሉክስ ብርሃን ያለበት ክፍል ውስጥ ነጭ ወረቀት ወደ 75 ኒት ነው ያለው፤ 500 ሉክስ ላይ ወደ 130። ለመደበኛ ክፍል 500 ኒት ለምን እንደማያስፈልግ ይኸው ነው። የቀንና የማታ ቁጥራችሁን ጽፋችሁ ሞኒተሩ ጠርዝ ላይ ለጥፉ።

Contrast የሚለውን ሞኒተሩ ይዞት በመጣው ቁጥር ተዉት፤ ሲጨመር ነጫጭ ዝርዝሮች ይጠፋሉ እንጂ ነጸብራቅ አይቀንስም። Dynamic Contrast ካለ አጥፉት፣ ገጽ በቀየራችሁ ቁጥር ብርሃኑን ራሱ እያወጣ እያወረደ የወረቀቱን ልኬት ያበላሻል። ማታ ብርሃኑን በጣም ስታወርዱ አንዳንድ ሞኒተሮች መብራታቸውን በፍጥነት እያጠፉ እያበሩ ነው የሚያደበዝዙት። ነጭ ገጽ ፊት እርሳስ በፍጥነት አወዛውዙ፤ አንድ የደበዘዘ ጥላ በማየት ፈንታ የተቆራረጡ ብዙ እርሳሶች ካያችሁ ይህ ነው ያለው፣ ቁጥሩን ትንሽ ከፍ አድርጉ።

መግዛት የሚያዋጣበት ጊዜ አለ፤ በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት የሆነ ሱቅ፣ ወይም በሁለት ወገን መስታወት የሆነና ጠረጴዛ የማይነካበት የኪራይ ቢሮ። ያኔም ኒት አትቁጠሩ፣ የፊቱን ቅብ እዩ። ሻጩ ያበራውን ቪዲዮ አጥፉለት፣ ጥቁር ስክሪኑ ላይ የሱቁን አምፖል ፈልጉ። አምፖሉ በቅርጹ፣ ነጭ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ከታየ አንጸባራቂ ነው፣ ተዉት። ጠርዙ ጠፍቶ እንደ ጉም ከተበተነ ማት ነው፤ የመስኮት ምስል አያሳይም፣ ግን ቀጥታ ፀሐይ ሲያርፍበት ስክሪኑ በሙሉ ነጣ ይላል። አምፖሉ ደብዝዞ ወደ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ከተለወጠ እውነተኛ ጸረ ነጸብራቅ ቅብ አለው ማለት ነው፤ 4ቱን በመቶ ወደ 1 ቢያወርደው በላይኛው ስሌት 200ው ወደ 50 ይወርዳል፣ ልዩነቱም ከሁለት ተኩል ወደ ሰባት እጥፍ ይወጣል። ሻጩ ስክሪኑን ለማጥፋት እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ግቡ።