የጸያፍ ይዘት ማጣሪያው ልጄን የሚጠብቃት ከማትሰማው ቋንቋ ነው

ደብረ ማርቆስ ባለው ቤታችን የአንድ የሙዚቃ አገልግሎት የቤተሰብ ጥቅል መጠቀም ከጀመርን ወራት አልፈዋል። ጥቅሉ ስድስት ሰው ይይዛል፤ ከፋዩም አስተዳዳሪውም እኔ ነኝ፤ ባለቤቴና ወንድሜ የየራሳቸው አካውንት ሲኖራቸው ለዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ደግሞ በእኔ ሥር የሚተዳደር የልጅ ፕሮፋይል ከፍቼላታለሁ። ስለ ድምፁ ጥራትም ሆነ ስለ ዋጋው የማነሣው ቅሬታ የለም። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ፣ ለየብቻ ከመክፈል ይልቅ የቤተሰቡን ጥቅል እንድመርጥ ያደረገኝ ነገር፣ ማለትም በልጄ ፕሮፋይል ላይ ያለው የጸያፍ ይዘት ማጣሪያ ነው።

ማጣሪያውን ማስጀመር አስቸጋሪ አይደለም። ከፋዩ በራሱ አካውንት ገብቶ የቤተሰቡን አባላት ዝርዝር ይከፍታል፤ የልጁን ስም ይነካል፤ ከዚያም Allow explicit content ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ያለውን ማብሪያ ያጠፋዋል። ማብሪያው ከበራ ጸያፉ ተፈቅዷል ማለት ስለሆነ፣ «ማጣሪያውን ላብራ» ብሎ የሚቸኩል ወላጅ የፈለገውን ተቃራኒ ሊያደርግ ይችላልና እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። መሥራቱን ለማረጋገጥ የልጁን ስልክ ይዞ፣ ከስሙ አጠገብ E የሚል ትንሽ ምልክት ያለበትን አንድ የእንግሊዝኛ ዘፈን መፈለግ ነው። ማጣሪያው ከሠራ ዘፈኑ ደብዝዞ ይታያል፤ ቢነኩትም አይጫወትም። ልጁ ከራሱ ስልክ ሆኖ ይህን ሊለውጠው አይችልም። እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ እንደተባለው ይሠራል።

ችግሩ የተገለጠው በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ልትለማመድ ፈልጋ «አበባየሆሽ» የሚል ፈልጋ አገኘች፤ ስልኩንም ከብሉቱዝ ስፒከሩ ጋር አገናኝታ ሳሎን ውስጥ ከፈተችው። የበዓሉ ዘፈኖች ሲያልቁ አገልግሎቱ በራሱ ፈቃድ ሌላ ማጫወቱን ቀጠለ። አንድ ሁለት የባህል ዘፈን ካሰማ በኋላ፣ ስለ መኝታና ስለ ሴት ገላ ምንም ሳይሸፍን በአማርኛ የሚናገር የጭፈራ ቤት ዘፈን ተከተለ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ «ኧረ በስመ አብ! ምንድን ነው ይኼ የሚያሰማው? ዝጊው እንጂ ልጄ!» አለች። ስልኩን ተቀብዬ ተመለከትሁ። የገባሁት በልጄ ፕሮፋይል ነው፤ ማጣሪያውም በሥራ ላይ ነው። ከዘፈኑ ስም አጠገብ ግን ምንም ምልክት አልነበረም፤ ለአገልግሎቱ ይህ ዘፈን ከአበባየሆሽ የሚለይበት ነገር አልነበረውም ማለት ነው።

ምክንያቱ ማጣሪያው ዘፈኑን ስለማይሰማ ነው። ማጣሪያው የሚያየው ከዘፈኑ ጋር የመጣውን ምልክት ብቻ ነው፤ ምልክቱን ደግሞ የሚያደርገው የዘፈኑ ባለመብት ነው። አሠራሩ ከዚህ ዘመን የቆየ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 በአሜሪካ የተነሣ የወላጆች ግፊት የአገሪቱ ሙዚቃ አሳታሚዎች በካሴትና በሸክላ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲለጥፉ አስማማቸው፤ በ1990 ደግሞ መለያው አንድ ዓይነት መልክ ያዘ። የትኛው ዘፈን መለያው ይገባዋል የሚለውን የሚወስነው ያን ጊዜም እያንዳንዱ አሳታሚ ነበር። ያ ልማድ ወደ ኢንተርኔት ሲሻገር ወረቀቱ ወደ አንዲት ፊደል ተለወጠ እንጂ ወሳኙ አልተለወጠም። ለደንበኞች አገልግሎት ጽፌ የተሰጠኝ መልስም ይኸው ነበር፦ ምልክቱ ከባለመብቱ ይመጣል፤ እኛ የተላከልንን እናሳያለን።

ባለመብቱ በእኛ አገር ማን እንደሆነና ምን እንደሚያደርግ ለማየት ባሕር ዳር ወዳለው የእኅቴ ልጅ ደወልሁ፤ እርሱ ለአካባቢው ድምፃውያን ዘፈን ወደ እነዚህ አገልግሎቶች የመጫን ሥራ ይሠራል። በኋላም ቤቱ ሄጄ ቅጹን አሳየኝ። የዘፈኑ ስም፣ የድምፃዊው ስም፣ የግጥምና የዜማ ደራሲው ስም፣ ቋንቋው፣ የሙዚቃው ዓይነት፣ የሽፋኑ ሥዕል እያለ ይወርድና፣ ከመካከላቸው አንዱ ጥያቄ ግጥሙ ጸያፍ ነገር እንዳለበትና እንደሌለበት ይጠይቃል። «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ሁሉም ‹የለበትም› ነው የሚለኝ» አለኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው መልሱ ግልጽ ነበር፤ ምልክት የተደረገበት ዘፈን ማጣሪያ ላለበት አድማጭ አይደርስም፤ አድማጭ የሚሻ ድምፃዊ ደግሞ በራሱ ላይ በር አይዘጋም። ከዚህም ሌላ አብዛኛው ሰው ጥያቄው ስለ እንግሊዝኛ ስድብ የሚጠይቅ ስለሚመስለው ልብ ሳይለው ያልፈዋል። በትልልቅ የውጭ አሳታሚዎች ዘንድ ግን ይህን መሙላት የዘወትር ሥራቸው ነው፤ የአንድን ዘፈን ጸያፍ ቅጂና የታረመ ቅጂ ለየብቻ እስከማውጣት ይደርሳሉ። የእንግሊዝኛው ማጣሪያ በደንብ የሚሠራው ስለዚህ ነው።

ውጤቱን በልጄ ላይ ስመዝነው የሚያስቆጣኝ እዚህ ላይ ነው። ልጄ የእንግሊዝኛ ዘፈን ብትሰማ የምትይዘው ዜማውን ነው፤ ከቃላቱ የሚገባት ጥቂት ነው። አማርኛው ግን አንድ ቃል አያመልጣትም፤ ሰምታ ትይዛለች፣ ይዛም ለጓደኞቿ ታሰማለች። ማጣሪያው የማትሰማውን ቋንቋ አጥብቆ ዘግቶ፣ የምትሰማውን ክፍት ትቶታል። የአማርኛ ዘፈን ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። እዚህ ጎጃም፣ ቅኔ የሚቆጠርበትና የሚዘረፍበት አገር ውስጥ፣ ነገርን በሰምና በወርቅ መናገር የአዝማሪው ዋና ሙያ ነው፤ ስለ እርሻና ስለ ዝናብ እያወራ ሌላ የሚያሰማ ግጥም በሠርግ ቤት ሁሉ አለ። እንዲህ ያለውን ማጣሪያው እንዲይዝልኝ አልጠይቅም፤ ልጅ ሰሙን ሰምታ ታልፋለች፣ ወርቁን ስታድግ ታገኘዋለች። የእኔ ክስ ሰም የሌለው፣ ሁሉ የተገለጠበት ዘፈን ያለ ምንም ምልክት በልጅ ፕሮፋይል ውስጥ መግባቱ ላይ ነው።

የአገልግሎቱ ሻጭ ፊት ለፊቴ ቢቀመጥ ምን እንደሚለኝ ገምቼዋለሁ። «ማጣሪያው ፍጹም እንዳልሆነ በውላችን ላይ ጽፈናል» ይለኛል። ጽፋችኋል፤ ነገር ግን በማስታወቂያችሁ ላይ በትልቁ የጻፋችሁት ስለ ልጆች ደኅንነት ነው፤ ለዚህም ነው ከአንድ ሰው ክፍያ የሚበልጠውን የቤተሰብ ክፍያ የምከፍለው። «ዘፈኑን ራስህ መከልከል ትችላለህ» ይለኛል። አንድን ድምፃዊ ለይቶ መከልከል እችላለሁ፤ ዳሩ ግን ልከለክለው የምችለው ልጄ ከሰማችው በኋላ ነው፤ ነገ ደግሞ ሌላ ስም ይመጣል። «በዓለም ላይ ያለውን ቋንቋ ሁሉ ማዳመጥ አንችልም» ቢለኝ ይህን እቀበለዋለሁ። እንግዲያውስ ባለመብቱ ምንም ያላረጋገጠባቸውን ቋንቋዎች በልጅ ፕሮፋይል ውስጥ ወላጅ እስኪፈቅድ ድረስ ዝግ አድርጓቸው እለዋለሁ። ምልክት አለመኖሩን እንደ ንጽሕና ማረጋገጫ መቁጠር የእነርሱ ምርጫ ነው፤ የቴክኒክ ግዴታ አይደለም።

አሁን ቤታችን የሚሠራበት መንገድ ከማጣሪያው ውጭ ያገኘሁት ነው። መጀመሪያ በልጄ ፕሮፋይል ቅንብር ውስጥ Autoplay የሚለውን አጠፋሁ፤ ይህ ዝርዝሩ ሲያልቅ ሌላ ዘፈን ከራሱ አምጥቶ እንዳይቀጥል ያደርገዋል። በእንቁጣጣሽ የደረሰብን ይህ በመብራቱ ነበርና፣ አንድ ወላጅ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ቢወስድ ይህን ቢወስድ እመርጣለሁ። ቀጥሎም እኔና ባለቤቴ አንድ በአንድ ሰምተን የመረጥናቸውን መዝሙሮች፣ የልጆች ዘፈኖችና ተረቶች በአንድ ዝርዝር ሰብስበን በልጄ ስልክ ላይ አወረድናቸው፤ ከስልኩም ሲም ካርዱን አወጣነው፤ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። ኢንተርኔት በሌለበት የሚጫወተው የወረደው ብቻ ነው፤ ኔትወርክ በሚጠፋባቸው ቀናትም ልጄ ሳትቸገር ትሰማለች። የወረዱት ዘፈኖች እንዳይጠፉ ስልኩ በየ30 ቀኑ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት መገናኘት አለበት፤ ያን ጊዜ አጠገቧ ተቀምጬ አዲስ የምትፈልገውን አብረን እንጨምራለን።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር ማጣሪያው የሚከተለው አካውንቱን እንጂ መሣሪያውን አለመሆኑ ነው። ስፒከሩ የሚያሰማው የተገናኘው ስልክ የላከለትን ነው። ወንድሜ ስልኩን አገናኝቶ ከወጣና ልጄ በእርሱ ስልክ ዘፈን ከፈለገች፣ በእርሷ ፕሮፋይል ላይ ያለው ክልከላ ሁሉ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ሳሎን ላለው ስፒከር ከልጄ ስልክ በቀር ሌላ እንዳይገናኝ ተነጋግረናል፤ ወንድሜ የራሱን በጆሮ ማዳመጫው ይሰማል።

እንዲህ ካደረግን በኋላ ልጄ ያለ ሥጋት ትሰማለች፤ ጥቅሉንም ለአዋቂዎቹ ስንል አናቋርጠውም። በልጄ ስም የምከፍለውን ግን እንደ ጥበቃ ክፍያ አልቆጥረውም። ጥበቃውን የሠራነው እኔና ባለቤቴ ነን፤ አገልግሎቱ የሰጠን ማጫወቻውንና ማውረጃውን ነው። በዚህ ቅሬታዬ አንድ ጊዜ ጽፌ ያቆምሁ አይደለሁም፤ ምልክት የሌለበትን ጸያፍ የአማርኛ ዘፈን ባገኘሁ ቁጥር የዘፈኑን ስምና ሊንኩን እየላክሁ ነው። ከላክኋቸው ውስጥ አንዱ በቅርቡ E ተደርጎበት በልጄ ስልክ ላይ ደብዝዞ አይቼዋለሁ፤ የቀሩት ይህን ስጽፍ እንደ ፊተኛው ይጫወታሉ።