ዲተርሚናንት ወይስ አይገንቫልዩ?

ደሴ፣ የፈተና ዋዜማ። ብርድ ልብስ ተከናንበን ከዶርም ጓደኛዬ ጋር የተከራከርንበት ማትሪክስ ይሄ ነው፦

```
    2 1 1
A = 1 2 1
    1 1 2
```

ኢንቨርስ አለው? እሱ በዲተርሚናንት ገባ፦ 2(4−1) − 1(2−1) + 1(1−2) = 4። ዜሮ አይደለም፣ ስለዚህ አለው።

እኔ አይገንቫልዩ ፈለግኩ። የእያንዳንዱ ረድፍ ድምር 4 ስለሆነ አንዱ 4 ነው። A − I ደግሞ ሁሉም ቦታ 1 ነው፤ ራንኩ 1 ስለሆነ 1 ሁለት ጊዜ ይመጣል። ዜሮ የለም፣ መልሱ ያው ነው። እውነቱን ለመናገር ለዚህች ጥያቄ የሱ ይቀላል።

ግን ቀጣዩ መጣ፦ A − 4I ኢንቨርስ አለው? እሱ እንደ አዲስ ማስላት ጀመረ። እኔ ከአይገንቫልዩዎቹ ላይ 4 ቀነስኩ፦ 0፣ −3፣ −3። ዜሮ አለ፣ ስለዚህ ኢንቨርስ የለውም።

በነገራችን ላይ፣ እሱ መጀመሪያ የመሃሉን የመቀነስ ምልክት ረስቶ 6 አግኝቶ ነበር። የአይገንቫልዩዎች ብዜት ከዲተርሚናንቱ ጋር እኩል መሆን ስላለበት፣ የነቃው የኔ ብዜት 4×1×1 = 4 ሲሆን ነው።